ከርክክብ በኋላ የሚጻፈው ሪፖርት

የትምህርት ቤት ግንባታ አልቆ ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግ ከሳይት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚላከው ወረቀት ብዙ ነው። የክፍያ ሰርተፍኬት፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤ፣ የቀሩ ሥራዎች ዝርዝር አለ። አንዳንድ ተቋራጮች በዚህ ላይ የሳይት ሰዎች «ሌሰን ለርንድ» የሚሉትን ሪፖርት ያስጽፋሉ። ሥራው ምን አስተማረ? የሚቀጥለው ጨረታ ሲመጣ ምን ይለወጥ? ሪፖርቱ የሚመልሰው ይህን ነው፤ የሚያነቡትም ሥራ አስኪያጁና ምክትሎቹ ናቸው።

አንባቢው ማን እንደሆነ መዘንጋት ሪፖርቱን ከንቱ ያደርገዋል። ድንጋዩ ዘግይቶ እንደመጣ ፎርማኑ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለእሱ መንገር ትርፍ የለውም። ዋጋ የሚያጸድቀውና ውል የሚፈርመው ግን አመራሩ ስለሆነ፣ የሪፖርቱ እያንዳንዱ ነጥብ በእሱ እጅ ባለ ውሳኔ ማለቅ አለበት።

በምሳሌ እንየው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐይቅ ከተማ አለች፤ በዚያው መንገድ ሲቀጥሉ በውሉ የምትታወቀው የአምባሰሏ ውጫሌ ትገኛለች። አንድ ተቋራጭ በሐይቅ አካባቢ ሜዳ ላይና በአምባሰል ተራራ ግርጌ ባለ አራት ክፍል ብሎክ በአንድ ዓይነት ፕላን ሊሠራ ተዋዋለ እንበል። ፕላኑ አንድ ነው፣ መሬቱ ግን ሁለት ነው። ሜዳው ላይ ጥቁር አፈር ይኖራል፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ግርጌው ላይ ደግሞ ቁፋሮው ሳይርቅ ዓለት ይገጥማል፣ መሬቱም ተዳፋት ስለሆነ መሠረቱ በደረጃ መሠራት አለበት።

የሜዳውን ብቻ እንከተል። ፕላኑ አንድ ሜትር ጥልቀት ይላል፣ ጠንካራው መሬት ግን ከዚያ 90 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። የመሠረቱ ርዝመት 100 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጭማሪው 72 ሜትር ኩብ ቁፋሮ ነው። ያ ጉድጓድ በድንጋይ ሲሞላ አምስት ስድስት ሲኖትራክ ይፈልጋል። መጠኑ ተለክቶ በውሉ ነጠላ ዋጋ ሊከፈል ይችላል፤ ቀኑ ግን በራሱ አይመለስም። ውሉ በ1999ኙ የፊዲክ ቅጽ ከሆነ፣ ተቋራጩ ጉዳዩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ለመሐንዲሱ በጽሑፍ ካላሳወቀ የጊዜ ማራዘሚያ መብቱን ያጣል። የሳይት መሐንዲሱ ለአማካሪው በቃል ነግሮት ይሆናል፤ ፎቶም አንስቷል። ደብዳቤው ግን አልወጣም። በመጨረሻ የመዘግየት ቅጣት ሲቆረጥ የሚታየው ይህ ነው።

ደካማ ሪፖርት እዚህ ላይ «ከአማካሪው ጋር ያለው ግንኙነት ይሻሻል» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም። ጠንካራው ሪፖርት የጠፋውን ቀንና ብር አስቀድሞ፣ ማስረጃውን ከሳይት ማስታወሻው ከነቀኑ ጠቅሶ፣ ሁለት ውሳኔ ይጠይቃል፦ አንደኛ፣ ዋጋ ከመቅረቡ በፊት በእያንዳንዱ ቦታ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር፤ የሁለት ቀን ሠራተኞች ደመወዝ ቢያስወጣ ነው። ሁለተኛ፣ የማሳወቂያ ደብዳቤ የሚጽፍና ቀኑን የሚከታተል ሰው ከውሉ ፊርማ ጋር በስም ይመደብ።

የወቅቱ ነገር ሌላው ነጥብ ነው። በጀት ሐምሌ ላይ ይጀምራል፤ ጨረታና ውል እየተጎተቱ ሥራው ጥር ላይ የጀመረ እንደሆነ ወሎ ውስጥ በልግ ቁፋሮው ላይ ይደርሳል፣ ክረምቱም ከኋላው ይከተላል። በልግ በማያውቅ አገር የተሠራ የጊዜ ሰሌዳ እዚህ ቢገለበጥ ገና ከመጀመሪያው ውሸት ነው።

የሪፖርቱ አሰባሰብ የሚበላሸው በእኛ የስብሰባ ልማድ ነው። ግምገማ የሚባለውን የለመደ ሰው «ምን ተሳሳተ?» ሲባል «ማን ሊጠቆም ነው?» የተባለ ይመስለዋል፤ ስቶር ኪፐሩ ዝም ይላል፣ ፎርማኑም ያለምንም ችግር ሠራን ይላል። ስለዚህ ሰዎቹን ለየብቻ ማነጋገር፣ የሰው ስም ሳያነሱ ሁኔታውን መጻፍ ይሻላል። ጊዜውም ቡድኑ ሳይበተን፣ በጊዜያዊው ርክክብ ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ፎርማኑ ሌላ ሳይት ሄዶ ይሆናል፣ የመጋዘኑ መዝገብም ካርቶን ውስጥ ገብቷል።

አንድ ገጽ ግን ክፍት ይቆይ። በብዙ ውሎች የጉድለት ማረሚያው ጊዜ አንድ ዓመት ስለሆነ፣ ሕንፃው ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያያል። ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ ብዙውን ጊዜ መሠረቱ እኩል አለመርጋቱን ይጠቁማል፤ ልስኑ ላይ ብቻ እንደ ሸረሪት ድር የተረጨ ቀጭን ስንጥቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የልስኑ መድረቅ ነው። በመጨረሻው ርክክብ ላይ ያ ገጽ ተሞልቶ ለአመራሩ ይላክ፤ የሙከራ ጉድጓዱ መቆፈር ዋጋ ይኑረው አይኑረው የሚያረጋግጥላቸው እሱ ነው።