የማይሰበሰብ ዕዳና የአጠራጣሪ ተሰብሳቢ ሂሳብ መጠባበቂያ፦ ኪሳራው ከመድረሱ በፊት ለምን በግምት ይመዘገባል?

በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ ሽያጩን በገቢነት የሚመዘግበው ዕቃውን ባስረከበበት ቀን እንጂ ገንዘቡ በተከፈለበት ቀን አይደለም። ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ የደንበኛው ዕዳ በተሰብሳቢ ሂሳብነት ይያዛል። ሆኖም ከደንበኞች መካከል የተወሰኑት ዕዳቸውን ሳይከፍሉ መቅረታቸው የተለመደ ነው። ይህ ኪሳራ በየትኛው ዓመት ይመዝገብ የሚለው ጥያቄ የዓመቱን ትርፍና ለግብር የሚቀርበውን ማስታወቂያ በቀጥታ ይነካል።

አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለአንድ ደንበኛ የ30,000 ብር ዕቃ በዱቤ ሸጠ እንበል። ደንበኛው አልከፈለም፤ ክስ ተመሥርቶበት ቢፈረድበትም ለፍርዱ ማስፈጸሚያ የሚሆን ንብረት አልተገኘም። ይህ የታወቀው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። አከፋፋዩ ኪሳራውን በዚያው ወር ብቻ ቢመዘግብ፣ ሽያጩ በ2016 በጀት ዓመት፣ ሽያጩ ያስከተለው ኪሳራ ግን በ2017 በጀት ዓመት ይወድቃል። የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ከእውነተኛው በልጦ ይታያል፤ ባለቤቱም በእጁ ያልገባ ትርፍ እንዳለው ቆጥሮ ከድርጅቱ ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል።

የገቢና ወጪ ማዛመድ መርህ ይህን ለማስቀረት የተቀመጠ ነው። በመርሁ መሠረት አንድን ገቢ ለማግኘት የወጣ ወጪ ከገቢው ጋር በአንድ የሂሳብ ዘመን ይመዘገባል። በዱቤ የሚሸጥ ድርጅት ሽያጩን ለማስፋት ሲል ያለመከፈልን ሥጋት ይቀበላልና ኪሳራው የሽያጩ ወጪ ነው። ሰኔ 30 ቀን ማን እንደማይከፍል አይታወቅም፤ ከጠቅላላው ተሰብሳቢ ምን ያህሉ እንደማይሰበሰብ ግን ካለፉት ዓመታት ልምድ በመነሣት መገመት ይቻላል። ስለዚህ ግምቱ የሚሠራው ለደንበኞች በጅምላ ነው።

የተለመደው ዘዴ ተሰብሳቢውን በቆየበት ጊዜ መክፈል ነው። አከፋፋዩ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. 1,000,000 ብር ተሰብሳቢ አለው እንበል። እስከ 30 ቀን የቆየው 600,000 ብር በ1 በመቶ፣ ከ31 እስከ 90 ቀን የቆየው 250,000 ብር በ4 በመቶ፣ ከ91 እስከ 180 ቀን የቆየው 100,000 ብር በ15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ የቆየው 50,000 ብር ደግሞ በ50 በመቶ ተገምቷል። ውጤቱ በቅደም ተከተል 6,000፣ 10,000፣ 15,000 እና 25,000 ብር፣ በድምሩ 56,000 ብር ነው። በመጠባበቂያው ሂሳብ ቀድሞ 12,000 ብር ካለ፣ በዓመቱ ወጪነት የሚመዘገበው ልዩነቱ 44,000 ብር ይሆናል። ተሰብሳቢውም በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ በተጣራ 944,000 ብር ይታያል።

የ30,000 ብሩ ዕዳ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ከመዝገብ ሲሰረዝ መጠባበቂያው ዴቢት፣ ተሰብሳቢ ሂሳቡ ደግሞ ክሬዲት ይደረጋል። ወጪው ቀድሞ በግምት የተያዘ በመሆኑ በዚያ ቀን አዲስ ወጪ አይመዘገብም፤ ሁለቱም ሂሳቦች በእኩል ስለሚቀንሱ የተጣራው ተሰብሳቢም በስረዛው ምክንያት አይለወጥም።

ግብር ከፋዮች ሊለዩት የሚገባ ነጥብ አለ። ከፋይናንስ ተቋማት በስተቀር፣ በግምት የተያዘ መጠባበቂያ ለገቢ ግብር ስሌት ተቀናሽ ወጪ አይሆንም። በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የማይሰበሰብ ዕዳ የሚቀነሰው፣ ገንዘቡ ቀደም ሲል በገቢነት የተያዘ፣ ከመዝገብ የተሰረዘ፣ እንዲሁም ለማስመለስ ተገቢው እርምጃ ተወስዶ ሊሰበሰብ ያልቻለ ሲሆን ነው። ስለሆነም አከፋፋዩ በ2016 የሰረዘው ዕዳ ከሌለ 44,000 ብሩን በግብር ስሌቱ ላይ መልሶ ይደምራል፤ 30,000 ብሩን ግን ሁኔታዎቹ በተሟሉበት በ2017 ይቀንሳል። ለዚህም የሽያጭ ደረሰኙን፣ የፍርድ ቤት ውሳኔውንና የስረዛውን ምዝገባ በማስረጃነት ይይዛል። የተሰረዘው ዕዳ በኋላ ከተከፈለ የተከፈለው ገንዘብ በገቢነት ይታወቃል።

የግምቱ ትክክለኛነት የሚፈተነው በቀጣዩ ዓመት ነው። የተሰረዙት ዕዳዎች በየዓመቱ ከመጠባበቂያው የሚበልጡ ከሆነ መቶኛዎቹ አንሰዋል፤ መጠባበቂያው ሳይነካ ዓመት ከዓመት የሚያድግ ከሆነ ደግሞ የድርጅቱ ትርፍ ያለአግባብ ዝቅ ብሎ እየታየ ነው። በሁለቱም ሁኔታ መቶኛዎቹ በድርጅቱ የራሱ የክፍያ ታሪክ ላይ ተመሥርተው ይስተካከላሉ።