«ጨጓራዬ ነው» የተባለው የአፍ ጠረን

ባለፈው ሁዳዴ ፀዳ የሚኖሩትን አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቡና እየተፈላ ሳለ ትልቋ ልጃቸው ወደ ጓዳ ጠራችኝና «ስለ አፋቸው ጠረን አንተ ብትነግራቸው ይሻላል፤ እኛ አፍረን ዝም ብለናል» አለችኝ። አጎቴ ግን ቀድመው ያውቁት ኖሯል። «ጨጓራዬ ነው ልጄ» ብለው ለወራት ሲጠጡት የከረሙትን የጨጓራ ሽሮፕ አሳዩኝ።

ብዙዎቻችን እንደ አጎቴ እናስባለን። እውነታው ግን ሌላ ነው። ጉሮሮን ከጨጓራ ጋር የሚያገናኘው ቧንቧ ስንውጥና ስናገሳ ካልሆነ በቀር ዝግ ሆኖ ነው የሚቆየው። ስለዚህ የሆድ ሽታ ዝም ብሎ ወደ አፍ አይወጣም። ከአሥር ሰዎች በስምንቱ ወይም በዘጠኙ ላይ የጠረኑ ምንጭ አፍ ውስጥ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምላስ የኋላ ክፍል።

ምላስ እንደ ምንጣፍ ሻካራ ነው። የምግብ ርጋፊና የሞተ የአፍ ሽፋን እዚያ ይጠራቀማል፤ ጀርሞች ይህን ሲበሉ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት የድኝ ጋዝ ይለቃሉ። ይህን ጠራርጎ የሚወስደው ምራቅ ነው። ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ ጠዋት አፋችን ይሸታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚጾም ሰውም ከሰዓት በኋላ ያው ነው የሚገጥመው። ለአጎቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ መናገሩ ተጨምሮበታል፤ አፍ በንግግር ይደርቃል።

የራስን የአፍ ጠረን አፍንጫ ስለሚለምደው ለማወቅ ያስቸግራል። ቀላሉ መንገድ ንጹሕ ማንኪያ ገልብጦ የምላስን የኋላ ክፍል በቀስታ መጥረግ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆም ማሽተት ነው። አጎቴ ሞከሩት። ማንኪያው ላይ ቢጫማ ነገር ወጣ፤ ሲያሸቱትም ፊታቸውን አጨማደዱ። «ለካ እዚህ ኖሯል» አሉ።

በማግስቱ ጎንደር ወደሚገኝ የጥርስ ሐኪም ሄድን። ሐኪሟ ሁለተኛ ምክንያትም አገኙ፤ በታችኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ ድንጋይ የመሰለ ቆሻሻ ተጋግሯል፣ ድዳቸውም ሲነካ ይደማል። ይህ በቡርሽም ሆነ በመፋቂያ አይለቅም፤ በመሣሪያ መጽዳት አለበት። አጸዱላቸውና ይህን አዘዟቸው።

ጠዋትና ማታ በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ለሁለት ደቂቃ መቦረሽ፤ ከዚያ በምላስ መጥረጊያ ወይም በተገለበጠ ማንኪያ ከኋላ ወደ ፊት ሦስት አራት ጊዜ መጥረግና መጉመጥመጥ፤ ማታ ማታ ደግሞ በጥርስ መሐል በክር ማጽዳት። ምላስ ሲጠረግ የሚያቅለሸልሽ ከሆነ ምላስን ወደ ውጭ አውጥቶ ትንፋሽን መያዝ ይረዳል። መድማት ከጀመረ ኃይል በዝቷል ማለት ነው።

አጎቴ «የወይራ መፋቂያዬንስ ልተው?» ብለው ጠየቁ። መተው አያስፈልግም። መፋቂያ የጥርስን ፊት በደንብ ያጸዳል። ነገር ግን የምላስ ጀርባና የጥርስ መሐል አይደርስም። ጫፉ የደረቀ ከሆነም ድድ ያቆስላል፤ ስለዚህ እርጥቡን ይዞ ጫፉን በየጊዜው መቁረጥ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃቸው ደውላ ጠረኑ በጣም መቀነሱን ነገረችኝ። በጾም ሰዓት ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ አፍ ሲደርቅ ይመለሳል። ለዚህ የሚረዳው ማታ በቂ ውኃ መጠጣትና ከመተኛት በፊት ምላስን መጥረግ ነው። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ ለጥቂት ጊዜ ቢሸፍነውም አፍን ስለሚያደርቅ መልሶ ያብሰዋል። የነጭ ሽንኩርት ጠረን ደግሞ ሌላ ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ በሳምባ ስለሚወጣ ቢቦርሹም ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚለቅ።

አንዳንዱ ጠረን ግን በቤት ውስጥ የሚታለፍ አይደለም። ትንሽ ልጅ ድንገት መጥፎ ሽታ ካመጣና ከአንድ አፍንጫው ብቻ ፈሳሽ ከወጣ፣ ባቄላ ወይም ዶቃ አፍንጫው ውስጥ ከትቶ ሊሆን ይችላል፤ ቤት ውስጥ ለማውጣት ሳይሞክሩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። እንደ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ ከብዙ ጥማት፣ ሽንት መመላለስና ማስመለስ ጋር ከመጣ ደግሞ የስኳር በሽታ አደጋ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ምላስዎንና ጥርስዎን አጽድተው ከሁለት ሳምንት በኋላም ለውጥ ካላዩ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

አጎቴ ሽሮፑን አቁመዋል። ማንኪያውን ግን ልጆቹ ከወጥ ማንኪያ እንዳይቀላቅሉት ብለው ቀይ ክር አስረውበታል።