ድንቅነሽ በካርቦን አልተለካችም

«ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ መሆኑ በካርቦን ተለክቶ ነው የታወቀው» ሲባል ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የተማረ ነው፤ አንዳንዴም ሳይንስ የሚያስተምር ነው። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ነው፤ ማለትም ያለው ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። የድንቅነሽን ወደ 3.18 ሚሊዮን የሚጠጋ ዓመት ለዚህ ብታካፍሉት 555 ይደርሳል። አሥር ጊዜ በግማሽ ከተቀነሰ ነገር የሚተርፈው ከሺህ አንድ ገደማ ነው። 555 ጊዜ ከተቀነሰማ መሬት በሙሉ ካርቦን 14 ሆና ብትጀምር እንኳ አንዲት አተም አትተርፍም። ካርቦን የሚያገለግለው እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ላለው ዘመን ነው።

ሥራውን የሠራው ፖታሲየም 40 ነው፤ የሚያመሰግነው ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ስትገኝ አጥንቷ ራሱ ዕድሜውን የሚናገር ነገር አልነበረውም። የተለካው ከእርሷ ጥቂት ዝቅ ብሎ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ሮበርት ዋልተር በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የዚያን አመድ ዕድሜ 3.18 ሚሊዮን ዓመት አድርጎ አስቀመጠው፤ ከአመዱ በላይ የተቀበረችው ድንቅነሽም ከዚያ ጥቂት ታንሳለች ማለት ነው።

አመዱ ውስጥ ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ፤ ፖታሲየም የሚገኘውም በእነርሱ ውስጥ ነው። ፖታሲየም 40 ሲፈርስ ከፊሉ ወደ አርጎን 40 ይለወጣል። አርጎን ደግሞ ከምንም ጋር የማይዋሐድ ጋዝ ነው። ዐለቱ ቀልጦ ሳለ ያመልጣል፤ ክሪስታሉ ከጠጠረ በኋላ የተወለደው ግን መውጫ የለውም፣ እዚያው ታስሮ ይከማቻል። ስለዚህ ቆጠራው ከዜሮ የሚጀምረው አመዱ በቀዘቀዘበት ዕለት ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የፖታሲየም 40 ግማሽ ዕድሜ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ 0.693ን ለዚህ ስናካፍል ላምዳ የምንለውን የመፍረስ መጠን እናገኛለን።

```
λ = 0.693 / 1.25e9 = 5.54e-10
t = (1/λ) × ln(1 + Ar / (0.107 × K))
```

ክሪስታሉ ውስጥ ዛሬ ለአንድ ሚሊዮን የፖታሲየም 40 አተም 189 የአርጎን 40 አተም ተገኘ እንበል። 189ን ለ0.107 ስናካፍል 1,766 ይሆናል፤ ይህ በጠቅላላው የፈረሰው ነው። ከሚሊዮኑ ጋር ስናነጻጽረው 0.001766 ይመጣል። አንድ ደምረን ሎጋሪዝሙን ወስደን ለላምዳ ስናካፍል 3.18 ሚሊዮን ዓመት ይወጣል።

ተማሪዎች ያለማቋረጥ የሚረሷት ያቺ 0.107 ናት። ከሚፈርሰው ፖታሲየም 40 ውስጥ አርጎን የሚሆነው 10.7 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ካልሲየም 40 ይሆናል። ካልሲየም 40 በየዐለቱ ሞልቶ የተረፈ ስለሆነ አዲሱን ከነባሩ መለየት ስለማይቻል ለዚህ ሥራ አይረባም። 0.107ን የረሳ ሰው የአመዱን ዕድሜ 341 ሺህ ዓመት ያደርገዋል። መልሱ አፍንጫው ሥር ተቀምጦ «ይህ ነገር አይመስለኝም» የማይል ተማሪ ያናድደኛል፤ ሐዳር ላይ ያን ያህል ወጣት አመድ ከዚያ ሁሉ ደለል ሥር ምን ይሠራል?

ሌላው አሳሳች ነገር አየር ነው። ከምንተነፍሰው አየር 0.93 በመቶው አርጎን ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም አርጎን 40 ሲሆን እርሱም በመሬት ዘመን ሁሉ ከፖታሲየም 40 የወጣ ነው። ይህ ወደ ናሙናው ከገባ አመዱን ያስረጀዋል። መግባቱ የሚታወቀው በአርጎን 36 ነው፤ አርጎን 36 ከፖታሲየም አይወለድም፣ አየር ውስጥ ግን አለ። መሣሪያው አርጎን 36 ካሳየ፣ በአየር ውስጥ ባላቸው ምጣኔ መሠረት አብሮት የገባው አርጎን 40 ተሰልቶ ይቀነሳል።

አሁን ሳይፈርስ የሚተርፈው በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚቀንስ ወደሚያሳየው የመፍረስ ኩርባ ልምጣ። አነባበቡ አንድ መስመር ይበቃዋል፦ ከየትኛውም ነጥብ ተነሥታችሁ ቁመቱ ግማሽ እስኪሆን ወደ ቀኝ ሂዱ፤ የሄዳችሁት ርቀት ግማሽ ዕድሜው ነው። ከየትም ብትነሡ ርቀቱ እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ኩርባው የሆነ ነገር እየነገራችሁ ነው። በሆስፒታል የሚሠራበትን ቴክኒሺየም 99ኤም እንውሰድ፤ ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። ቆጣሪው መጀመሪያ በደቂቃ 840 አነበበ፤ ከዚህ ውስጥ 40ው ከግድግዳውና ከአካባቢው የሚመጣ ጨረር ነው እንበል። ሳይቀንስ የሚያነብ ሰው ከ840 ወደ 420 ለመውረድ 6.4 ሰዓት ወሰደ ይላል፤ ከ240 ወደ 120 ለመውረድ ደግሞ 7.9 ሰዓት። ግማሽ ዕድሜ እየረዘመ አይሄድም። በሎጋሪዝም ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት መስመር ጭራው ላይ ከተጋደመ፣ የአካባቢው ጨረር አልተቀነሰም ማለት ነው።

የፖታሲየም 40ን ኩርባ ግን ማንም ቁጭ ብሎ ሊያየው አይችልም፤ በሰው ዕድሜ ውስጥ ፍጹም ጠፍጣፋ ነው። ታዲያ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ከየት መጣ? ከኩርባው ዝቅታ ሳይሆን ከቆጠራው ነው። አንድ ግራም ተራ ፖታሲየም ውስጥ 1.8e18 የሚሆኑ የፖታሲየም 40 አተሞች አሉ፤ ከእነርሱ በሰከንድ ወደ 31.7 የሚጠጉት ይፈርሳሉ። 31.7ን ለ1.8e18 አካፍሉ፣ 0.693ን ለውጤቱ አካፍሉ፣ የሚወጣውን ሰከንድ ወደ ዓመት ለውጡ፤ 1.25 ቢሊዮን ያመጣላችኋል። ይህን ጨረር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሐዳር በስተ ሰሜን፣ እዚያው አፋር ውስጥ፣ ዳሎል ላይ ያለው ፖታሽ በፖታሲየም የተሞላ ነው። በሰው ሰውነት ውስጥም በየሰከንዱ ከ4,000 በላይ የፖታሲየም 40 አተሞች ይፈርሳሉ።

አሁን የምወደው ቦታ ላይ ደረስን፦ ለምን በሁለት አቅጣጫ ይፈርሳል? ለምንስ እንዲህ ተንቀራፎ?

መልሱ የትስስር ጉልበት ውስጥ ነው፤ ስሙ ግን ያሳስታል። ብዙ ሰው አስኳሉ ውስጥ ተጠራቅሞ የተቀመጠ ጉልበት ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ሲተሳሰሩ ለቀውት የሄዱት፣ አሁን የሌላቸው ጉልበት ነው። እንደ ጉድጓድ ጥልቀት ቁጠሩት፦ ቁጥሩ ሲበዛ አስኳሉ ይበልጥ ጠልቆ ተቀምጧል። በየመጽሐፉ የሚታተመው ኩርባ ይህን ጉልበት በኒውክሊዮን ቁጥር አካፍሎ ያሳያል፤ ብረትና ኒኬል አካባቢ 8.79 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ጫፉን ይነካል። መምህሩ «በግራ በኩል ያሉት ይዋሐዳሉ፣ በቀኝ በኩል ያሉት ይሰነጠቃሉ» ይልና ወደ ሌላ ምዕራፍ ያልፋል።

40 ላይ ግን ቆም ብላችሁ ቀረብ በሉ። እዚያ አንድ ነጥብ የሚመስለው ሦስት ነው፦ አርጎን 8.595፣ ካልሲየም 8.551፣ ፖታሲየም 8.538። ፖታሲየም 19 ፕሮቶንና 21 ኒውትሮን አለው፤ ሁለቱም ጎደሎ ቁጥሮች ናቸው። አስኳል ጥንድ ጥንድ ሆኖ መቀመጥ ይወዳል፤ አርጎንና ካልሲየም በሁለቱም በኩል ሙሉ ቁጥር ስላላቸው ጠልቀው ተቀምጠዋል። ፖታሲየም መካከላቸው ከፍ ብሎ ስለቀረ በሁለቱም በኩል ቁልቁለት አለው። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ የሚታየው ለአንድ ኒውክሊዮን ስለሆነ ነው፤ በ40 አባዙት።

ነገር ግን «አስኳል ሁልጊዜ የትስስር ጉልበቱ ወደሚበዛበት ይፈርሳል» ብላችሁ እንዳትሸመድዱ። ትሪቲየም ይህን አባባል ያፈርሰዋል። የትሪቲየም ጠቅላላ የትስስር ጉልበት 8.482 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ፈርሶ የሚሆነው ሂሊየም 3 ግን ያለው 7.718 ብቻ ነው። ወዳነሰው ነው የሄደው! ምክንያቱም ሲፈርስ አንድ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ይለወጣል፤ ኒውትሮን ደግሞ ከፕሮቶኑና ከኤሌክትሮኑ ድምር በ0.782 ይከብዳል። በትስስር በኩል 0.764 ከፍሎ በክብደት በኩል 0.782 ስለሚያገኝ ትርፉ 0.018 ነው። የሚወስነው የጠቅላላው ክብደት ነው፤ የትስስር ጉልበት የሒሳቡ አንድ ክፍል ነው። በፖታሲየም ላይም እንዲሁ ነው፦ ወደ ካልሲየም ሲሄድ 0.782 ይጨመርለትና 1.31 ይለቃል፤ ወደ አርጎን ሲሄድ ግን ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን ስለሚለወጥ ያው 0.782 ይቀነስበትና 1.50 ይለቃል።

ይህን ያህል ጉልበት መልቀቅ የሚችል አስኳል በቢሊዮን ዓመት መቆየቱ ሊገርም ይገባል። ፖታሲየም 42 ለምሳሌ በ12 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የትስስር ጉልበት የሚናገረው አቅጣጫውን ነው፤ ፍጥነቱን አይናገርም። ፖታሲየም 40ን የያዘው ስፒን የሚባለው የመሽከርከር መጠኑ ነው። የእርሱ ስፒን 4 ሲሆን የካልሲየም 40 ዜሮ ነው፤ አራቱንም በአንድ ጊዜ መጣል እጅግ ይከብዳል። ወደ አርጎን ሲሄድ መጀመሪያ የሚያርፈው ስፒኑ 2 የሆነ፣ 1.46 ከፍታ ያለው ደረጃ ላይ ነው፤ ለመንገዱ የሚቀርለት ጉልበት እዚህ ግባ የማይባል 0.04 ነው። አርጎን የሚሆነው 10.7 በመቶ ብቻ የሆነውም ስለዚህ ነው። ከዚያ ደረጃ ሲወርድ የሚለቀው የ1.46 ጋማ በማንኛውም የጋማ መለኪያ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ናሙና ባይኖርም ከግድግዳው ይመጣል።

መሬት ከተፈጠረች 4.54 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ ይህ ለፖታሲየም 40 ከሦስት ተኩል ትንሽ የሚበልጥ ግማሽ ዕድሜ ነው። የመፍረስ ኩርባው ላይ ብታነቡት ከመጀመሪያው 8 በመቶ ያህሉ ዛሬም አለ። ስፒኑ ባይገታው ኖሮ ሐዳር ላይ አመዱ በወደቀበት ዕለት ክሪስታሉ ውስጥ የሚገባ ፖታሲየም 40 ባልኖረ ነበር።