ሚዛኑ «ጤናማ ነዎት» ቢልም ወገብዎን ይለኩ

ክብደትዎንና ቁመትዎን ተለክተው «ጤናማ ነዎት፤ ችግር የለብዎትም» ተብለው ያውቁ ይሆናል። ይህ መልስ የሚሰጠው በአብዛኛው ቢኤምአይ የሚባለውን ስሌት ተመልክቶ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በኪሎ ግራም የተለካው ክብደት፣ በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ከሲታነት፣ እስከ 24.9 ጤናማ ክብደት፣ ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል።

ይሁንና 25 እና 30 የሚባሉት መስመሮች በዋናነት የተሠመሩት በአውሮፓውያንና ከአውሮፓ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ በተሰበሰበ መረጃ ነው። ለሁሉም ሕዝብ እኩል ይሠራሉ ወይ የሚለው ጥያቄ የተነሳው፣ በእስያ አገራት ብዙ ሰዎች ቢኤምአያቸው 25 ሳይደርስ በስኳርና በልብ ሕመም ሲያዙ በመታየታቸው ነው።

ችግሩ ያለው ቢኤምአይ ስብን ከጡንቻና ከአጥንት ለይቶ አለማወቁ ላይ ነው። በ2004 ሁለት ሐኪሞች፣ ሕንዳዊው ያጅኒክና እንግሊዛዊው ዩድኪን፣ የራሳቸውን ሰውነት ለክተው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አውጥተውት ነበር። የሁለቱም ቢኤምአይ 22.3 ነበር። የእንግሊዛዊው የሰውነት ስብ ግን 9.1 በመቶ ሲሆን፣ የሕንዳዊው 21.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ እንግሊዛዊው ማራቶን ሯጭ ስለነበሩ ልዩነቱ ሁሉ ከዘር የመጣ አይደለም። ሆኖም አንድ ዓይነት ቁጥር ሁለት የተለያዩ አካላትን ሊሸፍን እንደሚችል በግልጽ ያሳያል።

ከስቡ መጠን በላይ የሚያሳስበው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከቆዳ ሥር በጭንና በዳሌ ላይ የሚከማች ስብ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። በሆድ ዕቃ መካከል፣ በጉበትና በቆሽት ላይ የሚከማቸው ግን ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል። በዚህም የደም ስኳርና የደም ስብ ከፍ ይላል። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጭ ያለው ሰው ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ላያስደነግጥ የሚችለው ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ባለሙያዎችን በሲንጋፖር ሰብስቦ ጉዳዩን አስመርምሯል። ባለሙያዎቹ 25 እና 30 የሚሉትን ዓለም አቀፍ መስመሮች አልሻሩም። ለእስያ ሕዝቦች ግን ከ23 ጀምሮ ጥንቃቄ፣ ከ27.5 ጀምሮ ደግሞ ጠንካራ ክትትል እንዲደረግ መክረዋል። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እነዚሁን ሁለት ቁጥሮች በአገሩ ለሚኖሩ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ላላቸው ሰዎችም አስፍቷቸዋል። በ2021 በእንግሊዝ ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል በሚጠጉ ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ፣ ነጮች በቢኤምአይ 30 ላይ ያላቸው በስኳር የመያዝ ዕድል በጥቁሮች ላይ በ28.1፣ በደቡብ እስያውያን ላይ በ23.9 እንደሚታይ አመልክቷል።

የእኛ የኢትዮጵያውያን ጉዳይ ራሱን የቻለ መልክ አለው። በ1998 የታተመ፣ የተለያዩ አገራት ጥናቶችን ያነጻጸረ ሥራ፣ እኩል የሰውነት ስብ ያላቸው ሰዎች ሲመዘኑ የኢትዮጵያውያኑ ቢኤምአይ ከነጮቹ በ4.6 ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በአንጻሩ በዚያው ሥራ የአሜሪካ ጥቁሮች ቢኤምአይ ከነጮቹ በ1.3 ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ «አፍሪካዊ» የሚለው ስም ብቻውን አንድ ዓይነት የሰውነት አሠራር አይነግረንም። ለልዩነቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የአካል ቅርጽ ነው። እግሩ ረጅም፣ ትከሻና ደረቱ ጠበብ ያለ ሰው ለቁመቱ ክብደቱ ትንሽ ስለሚሆን ስሌቱ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጠዋል።

ነገሩ በሁለቱም በኩል ይሠራል። ረጅምና ሸንቃጣ የሆነ ሰው ቢኤምአዩ ከ18.5 በታች ስለሆነ ብቻ በምግብ እጥረት ተጎድቷል አይባልም። በተመሳሳይም 23 እና 24 ስለሆነ ብቻ ከስብ ነጻ ነው አይባልም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናትም በሰውነት ስብ ሲለካ የውፍረት መለያው ለወንዶች 22.2፣ ለሴቶች 24.5 ሊሆን እንደሚገባ አመልክቷል። ጥናቱ የተሠራው በአንድ ተቋም ሠራተኞች ላይ ስለሆነ ቁጥሩን ለመላው አገር እንደ ሕግ መውሰድ አይቻልም። አቅጣጫው ግን ከሌሎቹ ጋር ይስማማል።

ይህንን በምሳሌ እንመልከተው። ዕድሜው 46 የሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው አለ እንበል። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 69 ኪሎ ነው። 1.70 በራሱ ሲባዛ 2.89 ይሆናል፤ 69 ለ2.89 ሲካፈል 23.9 ይመጣል። በመደበኛው ሠንጠረዥ «ጤናማ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከ23 የሚጀምረውን መስመር የሚጠቀም ባለሙያ ግን ወገቡንም ይለካዋል። ወገቡ 95 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ ማለፍ የለበትም፤ የዚህ ሰው የቁመት ግማሽ 85 ነው፤ በ10 ሴንቲ ሜትር አልፏል። በባዶ ሆዱ የተሰጠው ደም ሲመረመር ስኳሩ 118 ሆነ እንበል። ስኳር ሕመም የሚባለው ከ126 ጀምሮ ስለሆነ ገና አልታመመም፤ ነገር ግን መንገዱን ጀምሯል። በዚህ ደረጃ ከ3 ኪሎ ተኩል እስከ 5 ኪሎ ቢቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ቢያደርግ ሕመሙን የማስቀረት ወይም የማዘግየት ዕድሉ ሰፊ ነው። በመጀመሪያው መልስ ተሸኝቶ ቢቀር ኖሮ ግን ይህ ዕድል ሳይታወቅ ያልፍ ነበር።

ወገብዎን ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ልብስዎን ገለጥ አድርገው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል ያለውን ቦታ ይፈልጉ። ትንፋሽዎን በተለመደው ሁኔታ ካስወጡ በኋላ ሜትሩን ሳያጠብቁ ይዙሩት። ሆድን ወደ ውስጥ መሳብና በሱሪ ቀበቶ ቁጥር መገመት ያሳስታል፤ ብዙ ሰው ቀበቶውን የሚያስረው ከቦርጩ በታች ነውና።

ቢኤምአይዎ 23 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ወገብዎ ከቁመትዎ ግማሽ ካለፈ፣ የደም ግፊትዎንና በባዶ ሆድ የደም ስኳርዎን ይመርመሩ። በተለይ ወላጅዎ፣ ወንድምዎ ወይም እህትዎ ስኳር ካለባቸው፣ ወይም በእርግዝና ወቅት ስኳር ታይቶብዎት ከነበረ ጊዜ አይስጡት።

በመጨረሻም 23 የምርመራ መነሻ እንጂ የሕመም ስም አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ወገቡ በልኩ የሆነ፣ ግፊቱና ስኳሩ ደህና የሆነ ሰው ቁጥሩ 24 ስለሆነ ብቻ ራሱን በረሃብ መቅጣት የለበትም። ይህ መስመር ለነፍሰ ጡሮችና ለሕጻናት አያገለግልም። የጉልበት ሠራተኞችና ስፖርተኞችም ክብደታቸው ከጡንቻ ሊመጣ ስለሚችል ወገባቸው የተሻለ ምስክር ነው። ሳያስቡት የሚከሱ፣ ውሃ ጥም የሚበዛባቸውና ሽንት የሚያመላልሳቸው ሰዎች ደግሞ ቢኤምአያቸው የቱንም ያህል ዝቅ ቢል ሳይውሉ ሳያድሩ ስኳራቸውን ሊመረመሩ ይገባል።