መጀመሪያ ይጸዳ፣ ቀጥሎ ይደግ፣ ኤዲቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ

አንድ የቆየ የቤተሰብ ፎቶ እንውሰድ። ስፋቱ 600፣ ቁመቱ 800 ፒክሰል ብቻ ነው። እናት ቡና ሲያፈሉ ተነስተዋል፤ ረከቦቱ አጠገብ ግን የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቆሟል። ልጆቻቸው ጠርሙሱ ወጥቶ በቦታው ከሌላ ፎቶ የተቆረጠ ጀበና እንዲገባ፣ ፎቶውም በ13 በ18 ሴንቲ ሜትር ታትሞ ፍሬም እንዲገባ ይፈልጋሉ።

አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከጠርሙሱ ነው። ጠርሙሱን ያጠፋል፣ ጀበናውን ያስገባል፣ በመጨረሻ ፎቶውን ያሳድጋል። ሲያሳድገው ግን የተነካካው ቦታ ከሌላው ተለይቶ ብዥ ይላል። በትንሽ ፎቶ ላይ የጀበናው እጀታ ጠርዝ አንድ ወይም ሁለት ፒክሰል ብቻ ነው የሚይዘው። ጀበናውን ትንሽ ሲያዞሩት ወይም ሲያሳንሱት ፕሮግራሙ ጎን ለጎን ያሉትን ፒክሰሎች ቀለም እየቀላቀለ አዲስ ቀለም ያሰላል፤ አንድ ፒክሰል የነበረው ጥርት ያለ መስመርም የደበዘዘ ጥላ ይሆናል። ፎቶው አስቀድሞ ሦስት እጥፍ ካደገ ያው ጠርዝ የሦስት ፒክሰል ወይም ከዚያ በላይ ቦታ ስለሚያገኝ፣ ማዞሩ የሚነካው ዳር ዳሩን ብቻ ነው።

ለምን ሦስት እጥፍ? ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል ያህል ይፈለጋል። የእኛ ፎቶ በ18 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢታተም በኢንች 113 ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ወደ 1800 በ2400 ሲያድግ ከ300 ያልፋል። ከዚያ በላይ መሄድ ፋይሉን ከማክበድ በቀር ለዚህ ሥራ የሚጨምረው የለም።

ከማሳደጉ በፊት ግን ጽዳቱ አለ፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። ጄፔግ ፎቶን የሚጨምቀው 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው። ጭመቁ ሲበዛ የካሬዎቹ ድንበር ይታያል፤ በጥቁር ጸጉርና በነጭ ነጠላ መካከል ባለው ጠርዝ ዙሪያም ቆሻሻ መሳይ ነጠብጣብ ይፈጠራል። ይህን ሳያጸዱ ሦስት እጥፍ ካሳደጉት ካሬው 24 በ24 ሆኖ ግድግዳው ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ የተሻለ ቅጂ ይፈለግ፤ በቴሌግራም የመጣ ከሆነ ላኪው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል በድጋሚ ይላከው፤ ያኔ ሳይጨመቅ ይደርሳል። ሌላ ቅጂ ከሌለ በፎቶሾፕ Reduce Noise ውስጥ Remove JPEG Artifact የሚለውን መርጦ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ መጀመር ነው። ፎቶውን በ300 ፐርሰንት አጉልተው ግድግዳውንና ፊቱን እያፈራረቁ ይዩ። የግድግዳው ካሬ ጠፍቶ የቆዳው መስመር ገና ካለ በቂ ነው። ቆዳው ሰም መምሰል ከጀመረ ታልፏል፤ ወደ ኋላ ይመለሱ። የጸዳውን በTIFF ወይም በPSD ያስቀምጡ፤ በጄፔግ ካስቀመጡት ያጸዱት ካሬ መመለስ ይጀምራል።

ለማሳደግ በImage Size ውስጥ Preserve Details 2.0 ይበቃል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያሳድጉ ፕሮግራሞች የበለጠ ጥርት ያለ ውጤት ይሰጣሉ፤ ጥርት ያለው ነገር ግን ሁልጊዜ ከፎቶው የመጣ አይደለም። የጎደለውን በግምት ይሞላሉ። የቀሚሱ ጥለት ወደ ሌላ ንድፍ ሊለወጥ፣ በግድግዳው ፖስተር ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ፊደል መሳይ ጭረት ሊሆን ይችላል። እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ፊት ነው። ዓይኑ በዋናው ፎቶ ላይ አሥር ፒክሰል ብቻ ከሆነ ፕሮግራሙ የሚሥለው የሆነ ሰው ዓይን እንጂ የእኚህን እናት ዓይን አይደለም። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርገው የሚያውቋቸውን ሰው ያሳዩ። «ትንሽ ተለውጠዋል» ካለ ፊቱን በተለመደው መንገድ ካደገው ቅጂ ወስዶ መተካት ይሻላል፤ ለስላሳ ቢሆንም የእሳቸው ነው።

ጠርሙሱን አሁን ያጥፉ። ጀበናው ከአዲስ ስልክ የመጣ ከሆነ ደግሞ ከዙሪያው በላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ በGaussian Blur ከአንድ ፒክሰል አካባቢ ጀምረው፣ ጠርዙ ከረከቦቱ ጠርዝ ጋር እስኪመሳሰል ያለስልሱት። ጽዳቱ የፎቶውን ተፈጥሯዊ ሽርክት ስለወሰደው፣ በመጨረሻ በAdd Noise አንድ ዓይነት ቀጭን ሽርክት በሙሉ ፎቶው ላይ ይጨመራል፤ Monochromatic ተመርጦ 2 ፐርሰንት ያህል ለመነሻ ይሆናል። ይህን ለጀበናው ብቻ ማድረግ የተጨመረውን ቦታ ያጋልጣል። ማጥራት የሚያስፈልግ ከሆነ ከሽርክቱ በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። ከዚያ ጀበናውና ፊቱ ያሉበትን ቁራጭ በትክክለኛው መጠን አሳትመው በእጅ ርቀት ይዩት፤ ስክሪን ላይ የተደበቀ የጠርዝ ልዩነት ወረቀት ላይ ሊወጣ ስለሚችል፣ ሙሉው ፎቶ ከመታተሙ በፊት የሚስተካከለው ያኔ ነው።