ትንሽ ሠንጠረዥ፦ በእጅ እንተይበው ወይስ ኮምፒዩተሩ ያንብበው?

ስለ መንጌ ወረዳ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ አንድ ወንድማችን የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሠንጠረዥ ይዞ መጣ። የሚፈልገው የአሶሳ ዞንን ሰባት ወረዳዎች ነው። ለእያንዳንዱ ወረዳ ድምር፣ ወንድና ሴት በጠቅላላው፣ በከተማና በገጠር ተለይቶ ሲቀመጥ በረድፍ ዘጠኝ፣ በሁሉም 63 ቁጥር ይሆናል።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹን በማውስ ለመምረጥ ሞከርን። ቢመረጡ ኖሮ ኮፒ ማድረግ ይበቃን ነበር። አልተመረጡም፤ ገጹ በስካነር የተነሳ ምስል ነው ማለት ነው። ስለዚህ በኦሲአር ፕሮግራም አስነበብነው።

ማስነበቡ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ በባዶ ቦታ የተቀመጡትን ሰረዞች ዘለላቸው፤ ከእነሱ በስተቀኝ ያሉት ቁጥሮችም ወደ ግራ ተንሸራተው የገጠሩ በከተማው ዓምድ ገባ። አንዳንዱን ኮማ ደግሞ ነጥብ አድርጎ አነበበው፤ ሺዎቹ ወደ አስርዮሽ ተለወጡ።

ይህ ሁሉ ቢቃና እንኳ 63ቱን ቁጥሮች ከገጹ ጋር ማመሳከር ይቀራል። በእጅ ብንተይብም ይኸው ማመሳከር አይቀርልንም። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚያተርፍልን የትየባውን ጊዜ ብቻ ነው። ለአንድ ቁጥር አምስት ሰከንድ ብንይዝ ትየባው ስድስት ደቂቃ አይሞላም። ዓምዶቹን ማቃናት ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ትተን ተየብነው።

በእጅ መተየብም ከስህተት አያድንም። በB ድምር፣ በC ወንድ፣ በD ሴት ካለ በረድፉ መጨረሻ ይህን እንጽፋለን፦

```
=B2-C2-D2
```

ውጤቱ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነ ልዩነቱ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። የክልሉን ቁጥር እንውሰድ፦ ድምር 784,345፣ ወንድ 398,655፣ ሴት 385,690። ሴቶቹን 385,960 ብለን ብንተይብ ልዩነቱ 270 ይሆናል። ይህ ለ9 ይካፈላል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ሲገለባበጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ 398,655ን 398,665 ብሎ ቢያነብ ግን ልዩነቱ 10 ነው፤ አንድ አኃዝ ብቻ ሲሳት አንድ አኃዝና ዜሮዎች ይወጣሉ።

ይህ ቀመር የማይይዘው ስህተት አለ፤ በአንድ ወረዳ ወንድና ሴት ቢለዋወጡ ውጤቱ ያው ዜሮ ነው። እሱን የሚያጋልጠው ዓምዱን ወደ ታች ደምሮ ከዞኑ ድምር ጋር ማስተያየት ነው።

ሠንጠረዡ ብዙ ገጽ ቢሆንና ቅጂው ጥርት ያለ ቢሆን ምርጫችን ይለወጥ ነበር። ትየባው ሰዓታት ይወስዳል፣ የደከመ እጅም ይስታል፤ ያኔ ፕሮግራሙ ያንብብ፣ ቀመሩ ይፈትሽ። ለአንድ ገጽ ግን በቅድሚያ ሳጥኖቹን ቆጥረን በአምስት ሰከንድ እናባዛ።