ነጠላው ለምን ቀለም ያዘ? ልብስ ከመታጠቡ በፊት የሚለይበት መንገድ

ጅቡቲ ካርቲየ 5 በሚገኘው የላውንደሪ ሥራችን በብዛት የሚመጣልን ጥያቄ ይህ ነው፦ «ነጭ ነበር፤ አሁን ለምን እንዲህ ሆነ?»

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ነጠላ፣ አዲስ ቀይ የጥጥ ሻሽና የወደብ ሠራተኛ ቱታ በአንድ ማሽን፣ በሙቅ ውኃ ታጠቡ። ነጠላው ሁለት ጉዳት ይደርስበታል። ከሻሹ ክር ጋር ያልተያያዘው ትርፍ ቀለም ይለቅና ነጠላው ላይ ሮዝ ሆኖ ይቀራል። ከቱታው የወጣው ግራሶና አቧራ ደግሞ ውኃው ውስጥ ቆይቶ ተመልሶ ንጹሑ ልብስ ላይ ያርፋል። ሮዝ ከሆነ ጥፋቱ የቀለም ነው፤ በሙሉ ከደበዘዘና ግራጫ ከሆነ የእድፍ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በእድፍ ለዩ፤ ቱታ ሁልጊዜ ለብቻው ይታጠብ። ቀጥሎ ነጩን ከባለ ቀለሙ ለዩ። አዲስ ልብስ ከሆነ የውስጥ ስፌቱን አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ተጫኑት፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ልብሱን ለብቻው እጠቡት። መጨረሻ ላይ በጨርቁ ዓይነት ለዩ። ስስ ዲራ ከፎጣ ጋር ከታጠበ ብናኝ ይይዛል፤ ዚፕ ካለው ልብስ ጋር ከታጠበም ክሩ ሊሳብ ይችላል።

ባለ ጥለት ነጠላ ከነጭ ፎጣ ጋር በበረኪና አይታጠብ፤ የጥለቱ ቀለም ይጠፋል።

ነጭ ልብስ ቀለም ከያዘ ደግሞ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ አትተኩሱት። እርጥብ እያለ ወዲያው ለብቻው በሳሙና እጠቡት። ከደረቀ በኋላ ማስለቀቁ በጣም ይከብዳል።